0.5 × 9 × 14 × ሳይን 130 ኔጌቲቭ ስፋት ሰጠኝ፤ አንግሉ ከ90 ሲበልጥ ቀመሩ ይሠራል?

ትዕግሥት_ኮ

ሰላም ለሁላችሁ። ኮድ መጻፍ ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ። የሁለት ጎን ርዝመትና በመሃላቸው ያለውን አንግል ተቀብሎ የሦስት ማዕዘኑን ስፋት የሚያወጣ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ። ቀመሩን ታውቁታላችሁ። ሁለቱን ጎኖች አባዝተን፣ ግማሹን ወስደን፣ በአንግሉ ሳይን እናባዛለን። የኔ ጎኖች 9 እና 14 ሴንቲ ሜትር ናቸው፣ አንግሉ 130 ዲግሪ።

```
import math
print(0.5 * 9 * 14 * math.sin(130))
```

የወጣው -58.6 አካባቢ ነው። ስፋት እንዴት ከዜሮ በታች ይሆናል? እኔ የጠረጠርኩት አንግሉን ነው። ሳይንን የተማርነው 90 ዲግሪ ባለው ሦስት ማዕዘን ነው። ከአንግሉ ፊት ለፊት ያለውን ጎን ለረጅሙ ጎን እናካፍላለን። እዚያ ውስጥ ደግሞ 130 ዲግሪ ሊገባ አይችልም። ታዲያ የ130 ሳይን ምን ማለት ነው? ቀመሩ የሚሠራው እስከ 90 ብቻ ነው?

ፈጣን_ጣት

ጥፋቱ የአንግሉ አይደለም። `math.sin` የሚቀበለው ራዲያን ነው። አንቺ 130 ራዲያን ነው የሰጠሽው፤ ከ20 ሙሉ ዙር በላይ ማለት ነው። እንዲህ አድርጊው፦

```
print(0.5 * 9 * 14 * math.sin(math.radians(130)))
```

48.26 ይወጣልሻል።

ኔጌቲቭ መውጣቱ ጠቅሞሻል። 40 ዲግሪ ብትሞክሪ ኖሮ ስህተቱን አታዪውም ነበር። የ40 ራዲያን ሳይን 0.745 ነው፣ የ40 ዲግሪ ደግሞ 0.643። ሁለቱም ፖዘቲቭ፣ ሁለቱም ከአንድ በታች። 46.9 አግኝተሽ ትክክል ነው ብለሽ ታልፊ ነበር፤ ትክክለኛው ግን 40.5 ነው። ፕሮግራምሽን ስትፈትሺ ሁልጊዜ መጀመሪያ 90 አስገቢ። መልሱ የጎኖቹ ብዜት ግማሽ፣ ለአንቺ 63፣ መሆን አለበት። ካልሆነ ዲግሪና ራዲያን ተምታተዋል።

መስኮት

ፈጣን_ጣት ያለው ልክ ነው። ግን የትዕግሥት ጥርጣሬም ልክ ነው። ቀመሩ በእርግጥ ለጠባብ አንግል ብቻ ነው። አንግሉ ከ90 ሲበልጥ መጀመሪያ ከ180 መቀነስ አለብሽ። 180 ሲቀነስ 130 ይሆናል 50። የ50ን ሳይን ትጠቀሚያለሽ። እኔ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምሠራው፣ ተሳስቼም አላውቅም። ፕሮግራሙ ውስጥ `if` ጨምሪበት።

ትዕግሥት_ኮ

አመሰግናለሁ፣ በ`math.radians` 48.26 ወጣ። መስኮት፣ ያልከውንም ሞከርኩ። በ50ም ያው 48.26 ነው። በቃ `if` አያስፈልግም ማለት ነው?

ግን አሁን ይበልጥ ግራ ገባኝ። 50 ዲግሪ የተከፈተ ሦስት ማዕዘንና 130 ዲግሪ የተከፈተ ሦስት ማዕዘን መልካቸው በፍጹም አይገናኝም። አንዱ ሰብሰብ ያለ ነው፣ ሌላው የተዘረጋ። እንዴት ስፋታቸው እኩል ይሆናል? ቁጥሩን አየሁት፣ ምክንያቱን ግን አላየሁትም።

የኖራ_ብናኝ

ትዕግሥት፣ ጥያቄሽ ጥሩ ቦታ ደርሷል። 31 ዓመት ሂሳብ አስተምሬያለሁ። ተማሪ ብዙ ጊዜ "50 እና 130 አንድ ዓይነት ሳይን አላቸው" የሚለውን በቃሉ ይዞ ያልፋል። ምክንያቱን በእጅ መንካት ግን ይቻላል።

14ቱን ጎን ጠረጴዛ ላይ አስተኚው። 9ኙን ጎን ደግሞ በአንዱ ጫፍ ላይ እንደ በር ማጠፊያ አስሪው። አሁን በሩን ቀስ እያልሽ ክፈቺ። ከላይ ያለውን ጫፍ ብቻ ተመልከቺ። ከጠረጴዛው ምን ያህል ከፍ አለ? አንግሉ 0 ሲሆን ተኝቷል፣ ከፍታው 0 ነው። 90 ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ከፍታው ሙሉ 9 ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ሌላው ወገን እየወረደ ይሄዳል። 130 ላይ ሲደርስ ከፍታው 50 ላይ ሳለ ከነበረው ጋር እኩል ነው፤ 6.89 ሴንቲ ሜትር። ከ90 ወዲህ 40 ዲግሪ መሆንና ከ90 ወዲያ 40 ዲግሪ መሆን ለከፍታው ልዩነት የለውም።

መሠረቱ አልተለወጠም፣ 14 ነው። ቁመቱም 6.89 ነው። 14 በ6.89 ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል 48.26። እንግዲህ ቀመሩ የድሮው "መሠረት ሲባዛ ቁመት ለሁለት ሲካፈል" ነው። 9 ሲባዛ ሳይን የምንለው ቁመቱን ነው፤ የጫፉን ከፍታ። ሳይን ከ90 በላይ ሲሆንም ትርጉሙ ይኸው ነው።

መስኮት፣ አሠራርህ ትክክለኛ መልስ ይሰጥሃል፣ ምክንያትህ ግን ትክክል አይደለም። ከ180 መቀነስ ያስፈልግህ የነበረው ካልኩሌተር ባልነበረ ጊዜ ነው። የሳይን ሠንጠረዦች በ90 ላይ ያበቁ ስለነበር። ቀመሩ ራሱ ከ0 እስከ 180 ባለው ሁሉ ላይ እንዳለ ይሠራል።

መስኮት

መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አንድ ነገር አልዋጥልኝ አለ። በ130 ላይ ከጫፉ ቁልቁል መስመር ስንጥል፣ መስመሩ የሚያርፈው ከሦስት ማዕዘኑ ውጭ ነው። 14ቱ ጎን ላይ አያርፍም፤ 14ቱን ወደ ኋላ ማርዘም አለብን። ሦስት ማዕዘኑ ውስጥ የሌለ መስመር እንዴት የሦስት ማዕዘኑ ቁመት ይሆናል? እኔ ከ180 የምቀንሰው ለዚህ ነው።

የኖራ_ብናኝ

ተገቢ ጥያቄ ነው። እንግዲያውስ ውጭ የሚወድቅ ቁመት ሳንነካ እንሥራው።

14ቱን ጎን 9ኙ ከታሰረበት ጫፍ ወደ ኋላ በሌላ 14 አርዝመው። አሁን ታች ያለው መስመር 28 ሆነ። 9ኙ ልክ መሃሉ ላይ ቆሟል። የ9ኙን የላይ ጫፍ ከ28ቱ ሁለት ጫፎች ጋር አገናኘው። አንድ ትልቅ ሦስት ማዕዘን አገኘህ፤ 9ኙ ለሁለት ከፍሎታል። በአንድ ወገን አንግሉ 130 ነው፣ በሌላው ወገን 50። ሁለቱ ተደምረው ቀጥተኛ መስመር ስለሚሠሩ ከዚህ ሌላ ሊሆኑ አይችሉም።

አሁን ቁመቱን ጣል። ከማጠፊያው ወደ 50ው ወገን 5.8 ሴንቲ ሜትር ያህል ሄዶ ያርፋል። የትልቁ ሦስት ማዕዘን ውስጥ ነው፣ የ50ውም ውስጥ ነው። ማንም አይከራከርበትም። ትልቁ ስፋቱ 28 ሲባዛ 6.89 ለሁለት ሲካፈል፣ ማለትም 96.5 ነው። የ50ው 14 ሲባዛ 6.89 ለሁለት ሲካፈል፣ 48.26 ነው። የ130ው ምንድን ነው? የቀረው። ግማሹ ወጥቶ ግማሹ ቀረ። ውጭ የወደቀ ነገር አልተጠቀምንም።

መስኮት

ወረቀት ላይ ሠራሁት። ገባኝ። ለካ 9ኙ ትልቁን እኩል የሚከፍል መስመር ነው። ከእንግዲህ ከ180 አልቀንስም። አንግል እስካለኝ ድረስ በቀጥታ አስገባዋለሁ።

ናቲ_10

እኔም ጥያቄ አለኝ፣ ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ሁለት ጎን ተሰጥቶኛል፣ 10 እና 7። አንግሉ 40 ዲግሪ ነው፣ ከ7ቱ ጎን ፊት ለፊት። እንደ መስኮት በቀጥታ አስገባሁ። 0.5 ሲባዛ 10 ሲባዛ 7 ሲባዛ ሳይን 40፣ 22.5 ሆነ። የመልመጃው መልስ ግን ሁለት ቁጥር ይላል፣ 33.5 ወይም 15.7። የሕትመት ስህተት ነው አይደል? አንድ ሦስት ማዕዘን እንዴት ሁለት ስፋት ይኖረዋል?

ፈጣን_ጣት

ናቲ፣ ያንተ 40 በ10 እና በ7 መሃል አይደለም። ከ7ቱ ፊት ለፊት ነው ብለሃል። እንግዲህ ያለው በ10ሩና በማታውቀው በሦስተኛው ጎን መሃል ነው። ቀመሩ የሚፈልገው በሁለቱ ጎኖች መገናኛ ላይ ያለውን አንግል ነው። ያንን መጀመሪያ አውጣ። በሳይን ሕግ ከ10ሩ ፊት ለፊት ያለው አንግል ሳይኑ 10 ሲባዛ ሳይን 40 ለ7 ሲካፈል፣ 0.918 ነው። ሳይን ኢንቨርስ ስትጫን 66.7 ይሰጥሃል። 40 እና 66.7 ከ180 ስትቀንስ 73.3 ይቀራል። እሱ ነው የመሃሉ። 35 ሲባዛ ሳይን 73.3፣ 33.5። ይኸው አንዱ መልስ። 15.7 ግን ከየት እንደመጣ እኔም አላወቅኩም፣ ምናልባት እሱ ስህተት ይሆናል።

ትዕግሥት_ኮ

ፈጣን_ጣት፣ ቆይ! ይሄ የኔው ጥያቄ ነው፣ ተገልብጦ። ሳይኑ 0.918 የሆነ አንግል 66.7 ብቻ አይደለም። 113.3ም አለ፤ በበሩ ወዲያኛው ወገን። ካልኩሌተሩ የሚነግረን ከ90 በታች ያለውን ብቻ ነው።

113.3 ብንወስድ፣ ከ40 ጋር 153.3 ይሆናል። ከ180 በታች ስለሆነ ሦስት ማዕዘን መሥራት ይችላል። የመሃሉ አንግል 26.7 ይቀራል። 35 ሲባዛ ሳይን 26.7፣ 15.7። ወጣ!

የኖራ_ብናኝ

ጎበዝ ትዕግሥት። ናቲ፣ አንድ ሦስት ማዕዘን ሁለት ስፋት የለውም። የተሰጠህ መረጃ ግን ሁለት የተለያዩ ሦስት ማዕዘኖችን ይስማማል። 10ሩን ጎን ሳል። በአንዱ ጫፍ 40 ዲግሪ የሚሄድ መስመር አውጣ። በሌላው ጫፍ ኮምፓስህን አቁመህ 7 ክፈትና አዙር። መስመሩን ሁለት ቦታ ይቆርጠዋል፣ ከ40ው ጫፍ 4.9 ላይ እና 10.4 ላይ። ሁለቱ ሦስት ማዕዘኖችህ እነሱ ናቸው።

ያንተን 22.5 ደግሞ ተመልከተው። በ15.7 እና በ33.5 መሃል ገብቶ ተቀምጧል። ምንም የሚያጠራጥር ነገር የለውም። የአንግሉን ቦታ ስትስት ቁጥሩ ራሱ አያስጠነቅቅህም። ስዕሉን ስለህ ጣትህን በሁለቱ ጎኖች መገናኛ ላይ አድርግ። አንግሉ እዚያ ተጽፏል? ካልተጻፈ ቀመሩን ገና አትንካው።

ናቲ_10

በኮምፓስ ሠራሁት መምህር፣ ሁለት ቦታ ቆረጠ። ግን 7 ፈንታ 6 ብከፍት አይደርስም። ያኔ ምን እላለሁ?

የኖራ_ብናኝ

"እንዲህ ያለ ሦስት ማዕዘን የለም" ትላለህ። ለመድረስ ቢያንስ 10 ሲባዛ ሳይን 40፣ 6.43 ያስፈልግሃል። በ6 ስታሰላው ሳይኑ ከ1 በላይ ይወጣና ካልኩሌተሩ ኤረር ይልሃል።

ብረት_ቤት

ሰላም ጓዶች። እኔ ተማሪ አይደለሁም፣ ብረት ቆራጭ ነኝ። ይህን ቀመር ላሜራ ስቆርጥ በየቀኑ እጠቀምበታለሁ፣ ክብደት ለመገመት። አሁን አንድ ነገር አስቸግሮኛል።

ባለ 2 ሚሊ ሜትር ላሜራ፣ ጎኖቹ 60 እና 80 ሴንቲ፣ በመሃላቸው 20 ዲግሪ። ስፋቱ 2400 ሲባዛ ሳይን 20፣ 821 ካሬ ሴንቲ። የብረት ክብደት በኪዩቢክ ሴንቲ 7.85 ግራም ይዤ 1289 ግራም ጠበቅሁ። ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው 1310 ነው። ሚዛኑ ደህና ነው፣ በሌላ ዕቃ ፈትሼዋለሁ። ሌሎች ቁራጮች፣ በተለይ ወደ 90 የሚጠጉት፣ ልክ ይወጣሉ። ሹሎቹ ናቸው የሚያስቸግሩኝ። ቀመሩ ለሹል አንግል ይደክማል እንዴ?

የኖራ_ብናኝ

ቀመሩ አይደክምም፣ መለኪያዎ ነው የሚደክመው። አንግሉን በምን ለኩት?

ብረት_ቤት

በፕሮትራክተር። የ1 ዲግሪ ምልክት ያለው፣ እግሩ አጭር ነው።

የኖራ_ብናኝ

እንግዲያውስ ይህን ያስቡ። በሩ 88 ዲግሪ ላይ ቆሞ ሳለ 1 ዲግሪ ቢገፉት ጫፉ ወደ ጎን ይሄዳል እንጂ ከፍ አይልም። ያንተም... ይቅርታ፣ የእርስዎም ስፋት ከ2398.5 ወደ 2399.6 ነው የሚሄደው። አንድ ካሬ ሴንቲ ብቻ። በ20 ዲግሪ ላይ ግን በሩ ገና ከጠረጴዛው እየተነሳ ነው። 1 ዲግሪ ሲገፉት ጫፉ ቀጥታ ወደ ላይ ይወጣል። ስፋቱ ከ821 ወደ 860 ይዘላል፤ ወደ 5 በመቶ። የአንድ ዲግሪ ሦስተኛ ስህተት ብቻ ያንን 21 ግራም ያመጣዋል። በአጭር እግር ፕሮትራክተር ያን ያህል መሳት ቀላል ነው።

ሜትርዎን ያውጡና ሦስተኛውን ጎን ይለኩት። አንግሉ ልክ 20 ከሆነ 31.3 ሴንቲ መሆን አለበት።

ብረት_ቤት

ለካሁት። 31.6።

የኖራ_ብናኝ

ታዲያ አንግልዎ 20 አይደለም፣ 20.34 ነው። በኮሳይን ሕግ ይወጣል። 2400 ሲባዛ ሳይን 20.34፣ 834 ካሬ ሴንቲ። በ0.2 እና በ7.85 ሲያባዙት 1310 ግራም።

ፈጣን_ጣት

ሦስቱም ጎን ካለ አንግል ለምን ይፈለጋል? በሄሮን ቀመር ሞከርኩት፣ 834.2 ይሰጣል። ለሹል ቁራጭ ሄሮን ይሻላል።

ሁለት_ሦስተኛ

ፈጣን_ጣት፣ ሄሮንም ሳይንም እዚህ ያው ናቸው። ሁለቱም የተነሱት ከ60፣ 80 እና 31.6 ነው። የተሻለው መለኪያው ነው፣ ቀመሩ አይደለም።

እኔ ግን ገና አልተረታሁም። ብረት_ቤት 80 ያለው ጎን 80.2 ቢሆንስ? 2 ሚሊ ሜትር በሜትር መሳት ያጋጥማል። አንግሉን ትክክል ነው ብለን ይዘን ጎኑን ብናስረዝም ስፋቱ በ2 ካሬ ሴንቲ ይጨምራል። ሦስተኛውን ጎን ይዘን ብናስረዝም ግን ስፋቱ ይቀንሳል፣ ከ834.2 ወደ 829.8። ልዩነቱ እጥፍ ነው፣ አቅጣጫውም ተቃራኒ። ስለዚህ ሜትርም ለሹል ሦስት ማዕዘን ሙሉ መድኃኒት አይሆንም።

ደግሞ ክብደቱ ስለተስማማ ብቻ አንግሉ ነበር ማለት አንችልም። ላሜራው 2 ሚሊ ይባል እንጂ 2.03 ቢሆን 1308 ግራም፣ ማለትም ያንኑ ያህል፣ ይሰጠናል፣ አንግሉ 20 ሆኖ።

ብረት_ቤት

ውፍረቱን በካሊፐር ለክቼው አላውቅም፣ ሻጩ ያለኝን ነው የያዝኩት። ግን ወደ 90 የሚጠጉት ቁራጮች ከዚሁ ላሜራ የወጡ ናቸው፣ እነሱ ልክ መዝነዋል። ውፍረት ቢሆን እነሱም በከበዱ ነበር።

ሁለት_ሦስተኛ

ያ ጥሩ ማስረጃ ነው፣ ከአንድ ላሜራ ከሆኑ። አንድ ላሜራም ግን ከዳር እስከ ዳር ውፍረቱ እኩል ላይሆን ይችላል። የሹሉን ቁራጭ ውፍረት ሦስት ቦታ ላይ ለካውና ንገረን።

ብረት_ቤት

ካሊፐሩ ጓደኛዬ ጋ ነው። ነገ ጠዋት አምጥቼ እለካዋለሁ። 80ውንም ጎን ደግሜ እለካዋለሁ።